አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ የተቀላቀለ ቃለ መጠይቅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ

የተቀረጸ ቃለ መጠይቅን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው፣ ተናጋሪው አማርኛና እንግሊዝኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያቀላቅል፣ በየቃሉ ሦስት ነገር መወሰን አለበት፦ ቃሉ የየትኛው ቋንቋ ነው፣ በየትኛው ፊደል ይጻፍ፣ ከአማርኛው ጋር የተጣበቀበት ቦታስ እንዴት ይታይ። አስቀድሞ ካልተወሰነ ገልባጩ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይጠቀማል፤ ጽሑፉን ተቀብሎ የሚተነትነውም ተናጋሪው ምን እንዳለና ገልባጩ ምን እንደጨመረ መለየት ያቅተዋል። ይህ ዳሰሳ ውሳኔዎቹን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ምሳሌነት በተራ ይመለከታል።

ቅልቅሉ ከየት ይመጣል

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገጠር ገበሬው በአማርኛ ይናገራል። ቅልቅሉ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በገበሬውና በተቋማት መካከል ከሚሠሩ ሰዎች ነው፦ ከቀበሌ የልማት ሠራተኞች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከወረዳ ባለሙያዎችና ከተመራማሪዎች። ምክንያቱ ትምህርታቸው ነው። የ1994 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ቋንቋ ስላደረገ፣ ባለሙያው የሙያውን ቃል የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ዓረፍተ ነገሩን አማርኛ ይሸከመዋል፤ የሙያው ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ይመጣሉ።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የመንዝ በግ ነው። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳና ሌሎች ተቋማት ያሉበት ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ፕሮግራም በመንዝ፣ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ሲሠራ ቆይቷል። አሠራሩ የግልገሎችን ክብደት እየመዘገቡ የተሻሉትን አውራ በጎች መምረጥና ገበሬዎች በቡድን እንዲጠቀሙባቸው ማድረግ ነው። ስለዚህ ሥራ የሚጠየቅ ባለሙያ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ከዚህ በታች ለማሳያ ከተሠራው ብዙ አይርቅም።

```
አውራውን ሴሌክት ካደረግን በኋላ ለዩዘር ግሩፑ እንሰጣለን፤
ግን ሪከርድ ኪፒንጉ ላይ ትንሽ ጋፕ አለ።
```

ይህ ዓረፍተ ነገር የአማርኛን ሥርዓት የጠበቀ ነው። እንግሊዝኛው ግስ ለብቻው አይረባም፤ «አደረገ» ተከትሎት እርባታውን ይሸከምለታል። «ለ» ከፊት፣ «ኡ» ከኋላ በእንግሊዝኛው ስም ላይ ይጣበቃሉ፤ ማሰሪያውም እንደ አማርኛ በመጨረሻ ይመጣል። የአገልባበጡ ችግር ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ መጣበቂያዎች ነው።

ሦስት የአጻጻፍ መንገዶች

አንደኛው መንገድ ሁሉንም በአማርኛ መመለስ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርታቸው እንዲያምር የሚመርጡት ይህን ነው።

```
አውራውን ከመረጥን በኋላ ለተጠቃሚ ቡድኑ እንሰጣለን፤
ግን መዝገብ አያያዙ ላይ ትንሽ ክፍተት አለ።
```

ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ ግን ይህ ትርጉም እንጂ ግልባጭ አይደለም። የጠፋውም ጌጥ ብቻ አይደለም። ገበሬው «መረጥኩ» ሲል የበጉን ቁመና፣ ቀለም፣ ላትና ቀንድ በዓይኑ አይቶ ማለቱ ነው። ባለሙያው «ሴሌክት አደረግን» ሲል ግን በተመዘገበ ክብደትና በዘር ሐረግ አወዳድሮ ማለቱ ነው። በአንድ ቃለ መጠይቅ ውስጥ ሁለቱም ሰዎች ቢናገሩና ገልባጩ ሁለቱንም «መረጠ» ብሎ ቢጽፍ፣ ተንታኙ ገበሬውና ባለሙያው ስለ አንድ ነገር እንደተነጋገሩ ያምናል። የፕሮግራሙ ዋና ጥያቄ ደግሞ የሁለቱ ምርጫ የት ይገናኛል፣ የትስ ይለያያል የሚለው ነው። ጥያቄውን የሚመልሰው ማስረጃ ገና ሳይተነተን በገልባጩ እጅ ይጠፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንግሊዝኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው።

```
አውራውን select ካደረግን በኋላ ለuser groupኡ እንሰጣለን፤
ግን record keepingኡ ላይ ትንሽ gap አለ።
```

እዚህ የቅልቅሉ ቦታ በዓይን ይታያል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ማንነትም አያሻማም። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። መከታተል ማለት የሆነው «ትራክ» እና የጭነት መኪናው «ትራክ» በግዕዝ ፊደል አንድ ናቸው፤ «ትራክ ተደርጎ መጣ» የሚለው መስመር በጉ በመዝገብ ተከታትለውት ይሁን በመኪና ተጭኖ ከጽሑፉ አይታወቅም። በላቲን ሲጻፍ ግን ወዲያው ይለያል። ችግሩ መጣበቂያው ላይ ነው። በአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚጻፉ «ግሩፕ» ላይ «ኡ» ሲጨመር መጨረሻው «ፑ» ይሆናል። የላቲኑን ቃል ይህ ፊደል ሊነካው ስለማይችል «ኡ» ብቻዋን ትንጠለጠላለች። አንዱ ገልባጭ በሰረዝ ያያይዛታል፣ ሌላው ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ሦስተኛው ጨርሶ ይረሳታል። ስትረሳ «ግሩፑ» የሚታወቀው ቡድን መሆኑ ቀርቶ ማንኛውም ቡድን ይሆናል። ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ ድምፁን መደበቁ ነው። በላቲን የተጻፈ ቃል የሚታየው በመዝገበ ቃላት ሆሄው ነው፤ ተናጋሪው እንዴት እንዳለው አይታይም።

ሦስተኛው መንገድ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል መጻፍና የእንግሊዝኛውን ቃል በምልክት መለየት ነው። ድምፁም መጣበቂያውም ይጠበቃሉ፤ ቋንቋው ደግሞ በምልክቱ ይታወቃል። ከሁለት ሰዓት በላይ ለሆነ ቅጂ፣ በተለይም ብዙ ሰው ለሚተነትነው፣ ከሦስቱ የሚሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ ወደ ሌሎቹ ሁለት መሄድ ይቻላል፣ ከእነሱ ግን ወደዚህ መመለስ አይቻልም። ላቲኑ ካስፈለገ፣ በተለይም እንደ «ትራክ» ላለ አሻሚ ቃል፣ ከሥሩ በሌላ መስመር ይገባል። የአማርኛው ትርጉምም እንዲሁ በሌላ መስመር ይጻፋል።

ምልክቱ ምን ይሁን

ብዙ ሰው በጽሑፍ ማቀናበሪያ እንግሊዝኛውን ያደምቀዋል ወይም ያሰምርበታል። ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ ግን ድምቀቱ ስለሚጠፋ የሳምንታት ሥራ በአንድ ቀን ይባክናል። ስለዚህ ምልክቱ ራሱ ፊደል መሆን አለበት። ቅልቅል ንግግርን በሚያጠኑ ዘንድ ከታወቁት ሥርዓቶች አንዱ `CHAT` ሲሆን፣ የሌላ ቋንቋ ቃልን በ`@s` ይለይና የቋንቋውን የሦስት ፊደል መለያ ያስከትላል፤ እንግሊዝኛ `eng`፣ አማርኛ `amh` ነው።

```
አውራውን ሴሌክት@s:eng ካደረግን በኋላ
ለዩዘር@s:eng+amh ግሩፑ@s:eng+amh እንሰጣለን
```

የመደመር ምልክቱ ቃሉ የሁለቱንም ቋንቋ ክፍሎች እንደያዘ ያሳያል። «ግሩፑ» በግንዱ እንግሊዝኛ፣ በመጨረሻው አማርኛ ነው፤ «ለዩዘር» ደግሞ በመጀመሪያው። በ`&` የሚጻፈው ሌላው ምልክት ከሁለቱ የትኛው ቋንቋ እንደሆነ ለማይለይ ቃል ነው። ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ መከተል የማይፈልግ ቡድን አንድ ቀላል ምልክት መርጦ ቢጸናበት በቂ ነው፤ ዋናው ነገር ንጹሕና የተደባለቀ ቃል በአንድ ምልክት እንዳይታለፉ ነው።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በዘርፉ ያለው ክርክር ያሳያል። ሻና ፖፕላክ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት፣ ራሱን ችሎ በማይቆም ምዕላድና በግንዱ መካከል የቋንቋ መቀየር አይከሰትም የሚል ገደብ አቅርባለች። በዚህ አካሄድ «ግሩፑ» የአማርኛ መጣበቂያ ስለያዘ ለጊዜው የተዋሰ ቃል እንጂ የተቀየረ ቋንቋ አይባልም። ካሮል ማየርስ-ስኮተን ደግሞ በ1993 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፏ አንዱ ቋንቋ ለዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ይሰጣል፣ ሌላው ቃላት ያስገባል በማለት ይህንኑ ቃል እንደ ቅልቅል ትቆጥረዋለች። ከአንድ ቃለ መጠይቅ ሁለት የተለያየ ቆጠራ ይወጣል ማለት ነው። ገልባጩ ክርክሩን መፍታት የለበትም። ሥራው የቃሉን ቅርጽ ማስቀመጥ ነው፤ ፍርዱ የተንታኙ ነው።

የተዋሰው ቃል የት ያበቃል

ባንክ፣ ፖሊስ፣ ሆስፒታልና ኮሚቴ ምልክት አያስፈልጋቸውም። መኪና ከጣልያንኛ፣ ባቡር ከዐረብኛ ቢመጡም ዛሬ የሁሉም ሰው አማርኛ ናቸው። አስቸጋሪው መሐሉ ነው፦ ፕሮጀክት፣ ሪፖርት፣ ስብሰባ ላይ የሚነሣው ኢሹ፣ ዳታ። ገልባጩ በራሱ ጆሮ ከወሰነ አዲስ አበባ ያደገው «ዳታ»ን አማርኛ ነው ይላል፤ ሌላው አይልም።

በመንዝ ቃለ መጠይቆች ግን ለዚህ መለኪያ አብሮ ይገኛል። እንግሊዝኛ ያልተማሩ ገበሬዎች በዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ይጠየቃሉና፣ ቃሉን ከነሱ አንዱ ማንም ሳያስተረጉምለት ከተናገረው እንደ አማርኛ ይቆጠራል፤ ካልተናገረው እንደ እንግሊዝኛ ምልክት ይደረግበታል። ለምሳሌ «ፕሮጀክቱ መጣልን» የሚል ገበሬ ካለ ፕሮጀክት ያለ ምልክት ይታለፋል፤ «ዩዘር ግሩፕ»ን ሲጠራ ካልተሰማ ግን ምልክቱ ይቀራል። ይህ መለኪያ ፍጹም አይደለም፤ ገበሬው ቃሉን ትናንት ከስብሰባ ሰምቶት ሊሆን ይችላል። ግን ለሁሉም ገልባጭ አንድ ነው፤ ሌላ ሰውም ተመልሶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

የተወሰነው ሁሉ በአንድ የቃላት መዝገብ ይገባል። በመዝገቡ ለእያንዳንዱ እንግሊዝኛ ቃል አንድ አጻጻፍ ይመረጣል፤ አለበለዚያ «ኮሚዩኒቲ»፣ «ኮሙኒቲ» እና «ኮሚኒቲ» በአንድ ሰነድ ውስጥ ሦስት ቃል ሆነው ይቆጠራሉ። ለአማርኛውም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በተመሳሳይ መንገድ ይወሰናሉ። ተናጋሪው ቃሉን ለየት አድርጎ ከጠራውና አጠራሩ ለጥናቱ ካስፈለገ በማስታወሻ መስመር ይጻፋል።

መዝገቡ መነሻ ቃልንም መያዝ ያለበት ፍለጋ ላይ በሚደርስ ጉዳት ምክንያት ነው። «ግሩፕ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ግሩፑ»ን፣ «ግሩፖች»ን እና «ግሩፓችን»ን አያገኝም፤ የመጨረሻው ፊደል በየመጣበቂያው ተቀይሯል። ውጤቱን አይቶ ቡድን ጥቂት ጊዜ ብቻ ተነሣ ብሎ ቢደመድም ስህተቱ የፊደሉ ጠባይ ያመጣው ነው። በእያንዳንዱ የተቀላቀለ ቃል ሥር መነሻው ለብቻው ከተጻፈ ፍለጋው ሁሉንም ይይዛል።

ቁጥር፣ ዓመትና ሰዓት

ከሁሉም ስህተቶች ከባዱ በቁጥር ላይ ይደርሳል፤ ምክንያቱም የቁጥሩ ቋንቋ ብዙ ጊዜ የዘመን አቆጣጠሩን ይናገራል። ባለሙያው «ፕሮግራሙ በቱ ታውዘንድ ናይን ተጀመረ» ካለ የሚናገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ገልባጩ «በ2009 ተጀመረ» ብሎ ከጻፈው አማርኛ አንባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ፕሮግራሙም ከተጀመረ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ የተጀመረ ይመስላል። በዚያው ቃለ መጠይቅ ገበሬው «ሁለት ሺህ አንድ ላይ» ቢል ሁለቱ አንድ ዘመን እየተናገሩ ሳለ ጽሑፉ ያጋጫቸዋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ኤት ኦክሎክ ላይ እንመዝናለን» ማለት ጧት ሁለት ሰዓት ነው፤ «ስምንት ሰዓት ላይ» ማለት ከቀትር በኋላ ነው። ሁለቱም «8 ሰዓት» ተብለው ከተጻፉ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ይሆናል።

ስለዚህ ደንቡ ቁጥር በአሃዝ አይጻፍም፣ በተነገረበት ቋንቋ በፊደል ይጻፋል የሚል ነው። አቆጣጠሩ ከታወቀ በቅንፍ ይታከላል። እንግሊዝኛ ቁጥር ሁልጊዜ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው ማለት ግን አይቻልም፤ የኢትዮጵያን ዓመት በእንግሊዝኛ የሚጠራ ወጣት ባለሙያ አለ። የሚታወቀው ዓመቱን ቃለ መጠይቁ ውስጥ ከተነሣ ሌላ ክስተት ጋር በማገናዘብ ነው፤ ይህ ካልተቻለ ተናጋሪው ራሱ ይጠየቃል።

በቁጥር ላይ የሚደርሰውን ስህተት ነፋስም ያባብሰዋል። የመንዝ አምባ ከፍ ያለ ነው፤ ጓሳ ለምሳሌ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ደጅ የሚቀረጽ ድምፅ ነፋስ ይገባበታል፤ ነፋሱ ደግሞ እንደ ቃል መጨረሻ «ን» ያሉ ደካማ ድምፆችን ሊሸፍን ይችላል። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ሲምታቱ ዐሥራ አምስቱ በግ ሃምሳ ይሆናል። የማይክ ነፋስ መከላከያ መጠቀም ወይም ቤት ውስጥ መቅረጽ ይህን ይቀንሳል። በአንድ ቃል ላይ የሚጠራጠር ገልባጭ ገምቶ ከመሙላት ይልቅ ቦታውን ከነደቂቃው ምልክት አድርጎበት ማለፍ አለበት።

ለማን እንደተናገረ

በአንድ ጎጆ ውስጥ ተመራማሪ፣ የልማት ሠራተኛና ገበሬ አብረው ሲቀመጡ የልማት ሠራተኛው ቋንቋ እንደ ፊቱ አቅጣጫ ይቀየራል። ወደ ተመራማሪው ዞሮ «ሪከርድ ኪፒንጉ ላይ ጋፕ አለ» ይላል፤ ወደ ገበሬው ሲዞር ደግሞ «ጋሼ፣ እስቲ መዝገቡን ያሳዩአቸው» ይላል። ሁለቱ ንግግሮች በአንድ ተናጋሪ ስም ተከታትለው ከተጻፉ ሰውዬው ያለ ምክንያት ቋንቋ የሚያቀያይር ይመስላል። እያንዳንዱ መስመር ለማን እንደተነገረ ከተጻፈበት ግን ቅልቅሉ ሥርዓት እንዳለው ይታያል፦ ጉድለቱ የተነገረው ገበሬው በማይሰማው ቋንቋ፣ ትዕዛዙ ደግሞ በአክብሮት አማርኛ ነው። ይህ ስለ ፕሮግራሙ ግንኙነት ብዙ የሚናገር ማስረጃ ነው።

ገልባጮች እንደ ቆሻሻ የሚጥሏቸው ሌሎች ቃላትም አሉ። «ምን ይባላል» ከእንግሊዝኛ ቃል በፊት ሲመጣ ተናጋሪው የአማርኛውን ቃል ፈልጎ ማጣቱን ያሳያል። «ሪከርዱን… መዝገቡን ማለቴ ነው» የሚለውም ድግግሞሽ አይደለም፤ አድማጩ እንዳልገባው አይቶ ራሱን ማረሙ ነው። «ሶ» እና «ኦኬ» ደግሞ የሐሳብ መሻገሪያ ናቸው። ጥናቱ ይዘትን ብቻ የሚፈልግ ቢሆን እንኳ እነዚህ ቢያንስ በመጀመሪያው ግልባጭ ይቀመጣሉ፤ የሚጣሉ ከሆነም ከተባዛው ግልባጭ እንጂ ከዋናው አይደለም።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንድ ሰዓት ቅጂ በአንድ ቋንቋ ሲሆን እንኳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሥራ ይወስዳል ተብሎ ይገመታል፤ ቅልቅሉ ይህን ያረዝመዋል። በኔይሜገን ማክስ ፕላንክ የሥነ ልሳን ተቋም የተሠራው `ELAN` ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን ድምፁን ከብዙ የጽሑፍ መስመሮች ጋር በደቂቃና ሰኮንድ ያያይዛል። በአንደኛው መስመር የተነገረው፣ በሁለተኛው የቋንቋ ምልክትና መነሻ ቃል፣ በሦስተኛው ለማን እንደተነገረ፣ በአራተኛው ትርጉም ይገባሉ።

በመጀመሪያው ዙር የተሰማው ብቻ ይጻፋል፤ ምልክት አይደረግም፤ ሁለቱን አብሮ የሚሠራ ሰው ጆሮው ወደ ምልክቱ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር ምልክትና መነሻ ቃል ይገባሉ፤ የቃላት መዝገቡም ይሞላል። በሦስተኛው ዙር ሌላ ሰው የተወሰኑ ደቂቃዎችን ጽሑፉን ሳያይ ራሱ ይገለብጥና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ በየቦታው የተበተነ ከሆነ የጆሮ ድካም ነው፤ በአንድ ዓይነት ቃል ላይ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ በመጣበቂያው ላይ ከተከማቸ ግን ደንቡ ግልጽ አይደለምና ደንቡ ይታረማል።

ሁለቱ ሰዎች ከተለያየ ቦታ ቢሆኑ ይመረጣል። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት የአማርኛ ዘዬዎች ጥናት መንዝን ከሌሎቹ አካባቢዎች ጋር ለይተው ተመልክተዋል፤ የአካባቢውን አነጋገር የማያውቅ ገልባጭ የመንዙን አማርኛ እንደ ስህተት ያርመዋል። የአካባቢው ተወላጅ ግን ሙያውን ካልተማረ እንግሊዝኛውን ቃል ወደሚያውቀው ቅርብ ቃል ይለውጠዋል። ሁለቱ ሲተራረሙ አንዱ የሌላውን ክፍተት ይሸፍናል።

ጥቅስ ሲወጣ

ከግልባጩ የሚወጣ ጥቅስ ለአማርኛ አንባቢ ከሆነ እንደተነገረው ይቀመጥና አስቸጋሪው ቃል በግርጌ ይብራራል። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሲተረጎም፣ ከመጀመሪያውም በእንግሊዝኛ የተነገሩት ቃላት በተጋደመ ፊደል ወይም በሌላ ወጥ ምልክት ይለያሉ፤ አለበለዚያ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ስለሚሆን ቅልቅሉ በትርጉሙ ይሰወራል። ከትርጉሙ ሥር የአማርኛው መስመር ቢቀመጥ ይበልጥ ይጠቅማል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ማንነትን ስለ መሰወር ነው። በአንድ ቀበሌ ያሉት የልማት ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ በተለመደው አደረጃጀት ሦስት፣ አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት። ስሙ ቢሰረዝም እንኳ ስለ በግ በዚህ ዓይነት ቅልቅል የተናገረ የቀበሌ ሰው ማን እንደሆነ ጎረቤቱ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ጥቅስ ተናጋሪውን ሊጎዳ የሚችል ከሆነ የቀበሌው ስም ይሰረዛል ወይም ሙያው በሰፊው ብቻ ይገለጻል። ቅልቅሉን በማስተካከል ሰውየውን መሰወር ግን አይገባም፤ ያኔ የሚሰወረው ማስረጃው ራሱ ይሆናል።